«እንኳን ተወለድሽ» እና «እንኳን ተወለድሽልኝ»፦ በአንዲት ቅጥያ መካከል ስላለው ርቀት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርዕሴ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ሲታይ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንዳሰኘ ሰምቻለሁ። ርዕሱ የልደት መልእክት ነው፤ ያውም አንድ ሰው በልቡ ለወደዳት፣ ነገር ግን ፍላጎቱን ገና አፍ አውጥቶ ላልነገራት ሰው የሚጽፈው የልደት መልእክት። ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም ለቋንቋ አጠቃቀም ጥናት፣ ማለትም ለፕራግማቲክስ፣ ጥሩ መፈተኛ ነው። ጸሐፊው በሁለትና በሦስት ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚጋጩ ሁለት ነገሮችን ማሟላት አለበት። በአንድ በኩል ልቡ ወደ እርሷ እንዳዘነበለ ማሳየት ይፈልጋል። በሌላ በኩል ደግሞ እርሱን ቃል የማያስገባ፣ እርሷንም መልስ ለመስጠት የማያስገድድ ጽሑፍ መጻፍ ይፈልጋል። ይህ እንዴት ይቻላል? የአማርኛ ሰዋስውስ ለዚህ ሥራ ምን መሣሪያ ይሰጠናል? መሣሪያው የሚሰበረውስ የት ላይ ነው? ዛሬ የምናየው ይህንን ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ላይ አቆማለሁ። ምሳሌው ለትምህርት የተቀናበረ ነው። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ አለ። የክፍል ጓደኛው የሆነች ልጅ አለች። ለስድስት ወራት ያህል በአንድ የንባብ ክፍል ሲያጠኑ ቆይተዋል። አንድ ቀን ልጅቷ ስለ ልደቷ ስታወራ፣ በቤታቸው ኬክ የመቁረስ ልማድ እንደሌለ፣ ነገር ግን እናቷ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን እንደ ተወለደችበት ዕለት ገንፎ እንደሚያገነፉ ነገረችው። ወሬው ሳያልቅ የንባብ ክፍሉ የሚዘጋበት ሰዓት ደረሰና ተለያዩ። አሁን ኅዳር 12 ደርሷል፤ ልጁም ስልኩን ይዞ ተቀምጧል።

የደስታ መግለጫው ባለቤት ማን ነው?

በመጀመሪያ የተለመዱትን ቀመሮች እንመልከት። «መልካም ልደት» የሚለው ሐረግ ግሥ የለውም። ግሥ ስለሌለው ተናጋሪ የለበትም፤ ተቀባይም የለበትም። ለወንድ፣ ለሴት፣ ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ለእርስዎ ሁሉ ሳይለወጥ ያገለግላል። በዚህም ምክንያት ከሁሉ ይልቅ አስተማማኝ ነው፤ የሚናገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። አንድን ሰው «አንቺ» ልበላት ወይስ «እርስዎ» ብሎ የተቸገረ ሰው የሚሸሸግበት ሐረግ ይህ ነው።

«እንኳን ለልደት ቀንሽ በሰላም አደረሰሽ» የሚለው ግሥ አለው፤ ነገር ግን የግሡ ባለቤት ተናጋሪው አይደለም። ያደረሳት ፈጣሪ ነው። ለወለደች ሴት የሚባለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንዲሁ ነው፤ ተናጋሪው ሌላ ኃይል ላደረገው ነገር ምስክር ሆኖ ይቆማል እንጂ ራሱ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አይገባም።

«እንኳን ተወለድሽ» ሲባል ግን ነገሩ ለየት ይላል። በግሡ ላይ ያለችው እርሷ ብቻ ናት። ተናጋሪውን የሚያመለክት ፊደል የለም፤ «እንኳን» የምትለው ቃል ግን የአንድን ሰው ደስታ ትሸከማለች። የማንን ደስታ? አልተነገረም። የዓለሙ ሁሉ ሊሆን ይችላል፤ የወላጆቿም ሊሆን ይችላል፤ የተናጋሪውም ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ በየዕለቱ የሚጠቀምበት ቀመር ስለሆነ ማንም ቆም ብሎ ትርጉሙን አይመረምርም። ቆም ብሎ ለመረመረ ሰው ግን ቃሉ «አንቺ በዓለም ላይ መኖርሽ መልካም ነገር ነው» ይላል።

እዚህ ላይ ለቅኔ ተማሪዎች አንድ ነገር ላስታውስ። በቅኔ ውስጥ ሰሙ ላይ ላዩን የሚታየው፣ ወርቁ ደግሞ በውስጡ የተሸሸገው ትርጉም ነው። በ«እንኳን ተወለድሽ» ውስጥ ግን አንድ ግልባጭ ነገር እናያለን። ሰሙ ልማዱ ነው፤ ወርቁ ደግሞ የቃሉ ቀጥተኛ ትርጉም ነው። የተሸሸገው ነገር ከመልመዳችን የተነሣ ማየት ያቆምነው የቃሉ እውነተኛ ፍቺ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ወርቅ መፍጠር አይጠበቅበትም፤ ያለውን ወርቅ አንባቢዋ እንድታየው አቧራውን በጥቂቱ ማራገፍ ይበቃዋል።

አሁን አንዲት ቅጥያ እንጨምር፦ «እንኳን ተወለድሽልኝ»። «‑ልኝ» በአማርኛ አንድ ድርጊት ለተናጋሪው ጥቅም እንደ ሆነ የምታመለክት ቅጥያ ናት። ገበሬው «ዘነበልኝ» ሲል ዝናቡ የእርሱን ማሳ አጠጣ ማለቱ ነው፤ የተሰጣው እህል የረጠበበት ሰው ደግሞ «ዘነበብኝ» ይላል። ዝናቡ አንድ ነው፤ ቅጥያው ግን ተናጋሪውን ወደ ዝናቡ ውስጥ ያስገባዋል። «ተወለድሽልኝ» ያለ ሰውም የልጅቷን መወለድ የራሱ ጉዳይ አድርጎታል። እናት ለልጇ ብትለው የተገባ ነው፤ የተጋቡ ወይም የታጩ ሰዎች ቢባባሉት ያምራል። በንባብ ክፍል ለስድስት ወር የተዋወቀ ልጅ ሲለው ግን ያልተሰጠውን ወሰደ። ልጅቷም ይህን መልእክት ስታነብ በሁለት ነገሮች መካከል እንድትመርጥ ትገደዳለች፤ ወይ ትቀበላለች፣ ወይ ትነፍገዋለች። በሁለቱ መካከል መቆሚያ የለም። የዛሬው ንግግሬ ርዕስ የሆነው ርቀት ይህ ነው፦ አንዲት ቅጥያ።

ጥቆማ ለምን ይሠራል?

አሁን ወደ ንድፈ ሐሳቡ ለጥቂት ጊዜ እንግባ። ፈላስፋው ፖል ግራይስ በ1967 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባቀረባቸውና ከፊላቸው በ1975 እ.ኤ.አ. በታተመው ንግግሮቹ ውስጥ፣ ሰሚ ከተነገረው ቃል በላይ የሆነ ትርጉም እንዴት እንደሚያገኝ አስረድቷል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። የሚነጋገሩ ሰዎች አንዱ ሌላውን ተባባሪ አድርገው ይወስዳሉ። ተናጋሪ ከሚያስፈልገው በላይ ወይም በታች ሲናገር፣ ሰሚው «ይህን ያደረገው በምክንያት ነው» ብሎ ምክንያቱን ይፈልጋል።

ይህ ለልደት መልእክት ሲተረጎም ግልጽ ነው። ወጉ የሚጠይቀው ሁለት ቃል ነው። «እንኳን ተወለድሽ» ብሎ ላበቃ ሰው ማንም ምክንያት አይፈልግለትም። ጥቂት የጨመረ ሰው ግን አንባቢዋን «ይህን ለምን ጨመረ?» ያሰኛታል። ጥቆማው የሚኖረው በዚያች ትርፍ ውስጥ ነው። ትርፉ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲሆን ጥያቄ ያጭራል፤ አንድ ገጽ ሲሆን ግን ጥያቄውን ራሱ መልሶታል፤ ስለዚህ ጥቆማ መሆኑ ቀርቷል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ጥቆማው ምን ጥቅም አለው የሚለው ነው። ልጅቷ ብልህ ከሆነች ጥቆማውን ታየዋለች፤ ታዲያ በግልጽ ከመናገር በምን ይለያል? ስቲቨን ፒንከር፣ ማርቲን ኖቫክና ጄምስ ሊ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስለ ተዘዋዋሪ ንግግር አመክንዮ በሚያትት ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ጠቃሚ ነው። አንድን ነገር ሁለት ሰዎች ማወቃቸውና፣ ሁለቱም ማወቃቸውን እርስ በርስ ማወቃቸው የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጁ ይወዳታል፤ ልጅቷም ይህን ትጠረጥራለች። ይህ አንድ ደረጃ ነው። «እወድሻለሁ» ከተባለ በኋላ ግን እርሷ እንደምታውቅ እርሱ ያውቃል፤ እርሱ እንደሚያውቅም እርሷ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው የንባብ ክፍል ጓደኝነት የሚመለስ መንገድ የለም። በጥቆማ ጊዜ ግን ሁለቱም ቢያውቁ እንኳ ያ የጋራ ዕውቀት በመካከላቸው አልተቀመጠም፤ ስለዚህ በማግስቱ ስለ ፈተና እያወሩ አጠገብ ለአጠገብ መቀመጥ ይችላሉ።

አማርኛ ይህን በራሱ ቃል ያውቀዋል። «ፊት ሰጠችው»፣ «ፊት ነሳችው» እንላለን። ፔኔሎፒ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን ስለ ትሕትና በጻፉት ሥራ ውስጥ ዋናው ጽንሰ ሐሳብ ይኸው ፊት ነው፤ ማለትም ሰው በሌሎች ዘንድ ያለው ክብርና ባልፈለገው ነገር ያለመገደድ መብቱ። ብዙ ጊዜ ተማሪዎች ጥቆማ የጸሐፊውን ፊት ማዳኛ ይመስላቸዋል። «አልፈለገችኝም እንዳልባል» ይላሉ። ይህ የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። የተሳካ ጥቆማ የተቀባይዋን ፊት ይበልጥ ያድናል፤ እርሷ ሰውን ሳታዋርድ ወርቁን እንዳላየች ሆና በሰሙ ብቻ መልስ መስጠት ትችላለችና። ይህን የተቀባይ መብት እንበለው፦ ወርቁን ያለማየት መብት። አንድን የልደት መልእክት የምንመዝነው በዚህ ነው።

አራት ረቂቆች

አሁን ወደ ልጁ ስልክ እንመለስ።

የመጀመሪያው ረቂቅ፦ «መልካም ልደት!» ይላል። በዚህ ማንም አይሳሳትበትም፤ ማንም አያስተውለውምም። በዚያው ዕለት ከሌሎች ከሚደርሷት መልእክቶች መካከል ይጠፋል።

ሁለተኛው ረቂቅ፦ «የኔ ቆንጆ፣ እንኳን ተወለድሽልኝ። አንቺ ባትኖሪ ሕይወቴ ባዶ ይሆን ነበር።» ይህን አይተነዋል። «የኔ» እና «‑ልኝ» በአንድ ዐረፍተ ነገር ተደራርበዋል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ለሕይወቱ መሙላት ኃላፊ ያደርጋታል። ለዚህ «አመሰግናለሁ» ብሎ መመለስ ጭካኔ ይመስላል፤ ሌላ መልስ መስጠት ደግሞ ቃል መግባት ነው።

ሦስተኛው ረቂቅ፦ «እንኳን ተወለድሽ! ዛሬ ስለ አንቺ ሲያስቡ የሚውሉ ሰዎች እንዳሉ እወቂ።» ይህ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስሕተት ነው። ጸሐፊው ራሱን «ሰዎች» በሚል ብዙ ቁጥር ውስጥ ሸሸገ። ጥቆማ ይመስላል፤ ነገር ግን ምሥጢራዊ መሆኑ ራሱ «ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ያስጠይቃል፤ ያን ጥያቄ የጠየቀች ዕለት ነገሩ ሁሉ በግልጽ ይወጣል። በተጨማሪም ስለ እርሷ የሚናገረው አንድም ነገር የለም፤ ለማንም ሊላክ ይችላል።

አራተኛው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«እንኳን ተወለድሽ! እናትሽ ዛሬም ገንፎውን አገንፍተው ይሆናል ብዬ ሳስብ ፈገግ አልኩ። ያን ዕለት የንባብ ክፍሉ ሲዘጋ ወሬሽ ሳያልቅ ነው የቀረው፤ ፈተናው ሲያልፍ ቡና እየጠጣን ብትጨርሺልኝ ደስ ይለኛል። መልካም ቀን ይሁንልሽ።»

ይህን ቃል በቃል እንመልከተው። መክፈቻው የተለመደው ቀመር ነው፤ ሰሙ በቦታው አለ። ቀጥሎ ገንፎው ይመጣል። ይህ አንባቢዋን «ለምን ጨመረ?» የሚያሰኛት ትርፍ ነው፤ መልሱም «ያልኩትን ልብ ብሎ ሰምቶ ነበር» የሚል ነው። ልብ በሉ፤ መልእክቱ ስለ ውበቷ፣ ስለ ዓይኗ ወይም ስለ ፈገግታዋ አንዳች አይናገርም። ፈገግ ያለው እርሱ ነው። ምስጋና ለመልክ ሲሰጥ ተቀባይዋ ታፍራለች ወይም ትመልሳለች፤ ለነገረችው ታሪክ የተሰጠ ትኩረት ግን ዕዳ አያስከትልም። ለእናቷ የተጠቀመበት የአክብሮት አነጋገርም፣ «አገንፍተው ይሆናል» ማለቱ፣ የቤተ ሰቧን ክብር እንደሚያውቅ ይናገራል።

ከዚያ «ብትጨርሺልኝ ደስ ይለኛል» ይላል። እነሆ «‑ልኝ» ተመልሳ መጣች! ነገር ግን የተቀመጠችበት ቦታ ተለውጧል። አሁን ለእርሱ ጥቅም የሚሆነው የእርሷ መወለድ ሳይሆን የወሬው መጨረስ ነው። ያችው ቅጥያ በትንሽ ነገር ላይ ስትቀመጥ ትንሽ ልመና ትሆናለች፤ ሆኖም አንባቢዋ የ«‑ልኝ»ን ሙቀት ታገኛለች።

«ደስ ይለኛል» የሚለውም መጤን አለበት። አማርኛ ስሜትን ለመግለጽ ሁለት መንገድ አለው። «እወዳለሁ»፣ «እፈልጋለሁ» ስንል አድራጊው እኛ ነን። «ደስ ይለኛል»፣ «ትዝ አለኝ» ስንል ግን ስሜቱ ወደ እኛ ይመጣል፤ እኛ ተቀባዮች ነን። በሁለተኛው መንገድ የተናገረ ሰው ስሜቱን አልደበቀም፤ ሆኖም ፈቃዱን በሌላው ላይ አልጫነም። ይሁን እንጂ ሰዋስው ብቻውን አያድንም። «ናፈቅሽኝ» የሚለው ቃል በሰዋስው ከ«ትዝ አልሽኝ» ጋር አንድ ነው፤ በሁለቱም ባለቤቷ እርሷ ናት፤ ተናጋሪው ተቀባይ ነው። ክብደታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ናፍቆት የቆየ ቅርበት ይጠይቃል፤ ትዝታ ግን አንድ ወሬ ይበቃዋል።

በመጨረሻም የጥያቄ ምልክት አለመኖሩን ተመልከቱ። «ቡና እንጠጣ?» ቢል ኖሮ መልስ ያሻዋል። «ፈተናው ሲያልፍ» ማለቱ ቀን አልቆረጠም፤ ነገሩ እንዲሁ ቢያልፍ ማንም «አልመጣሽም» ሊላት አይችልም። ልጅቷ «አመሰግናለሁ፤ አዎን፣ ገንፎው ደርሷል» ብላ ብታበቃ፣ መልእክቱን ሙሉ በሙሉ መልሳለች፤ ፊት አልነሳችም፤ ፊትም አልሰጠችም። ወርቁን ያለማየት መብቷ ተጠብቋል።

ለራሳችሁ ረቂቅ መመዘኛ የሚሆኑ ሁለት ፈተናዎች ከዚህ ይገኛሉ። አንደኛው የመተካት ፈተና ነው፤ መልእክቱን ለሌላ የክፍል ጓደኛ ልትልኩት የምትችሉ ከሆነ ወርቅ የለውም። ሁለተኛው የአደባባይ ፈተና ነው፤ እኅቷ ከጎኗ ሆና ጮክ ብላ ብታነበው ልጅቷ የምታፍር ከሆነ ሰም የለውም። የመጀመሪያው ረቂቅ በመተካት ፈተና፣ ሁለተኛው በአደባባይ ፈተና፣ ሦስተኛው ደግሞ በሁለቱም ይወድቃል።

ቀኑ ራሱ የሚናገረው

ከቃላቱ ውጭ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መልእክቱ የሚላክበት ቀን ነው። በዛሬው ዘመን ልደትን ማስታወስ ብዙ አይናገርም፤ የማኅበራዊ ገጾች ራሳቸው ያስታውሱናልና። ለእኛ ግን የዘመን አቆጣጠራችን አንድ ልዩ ነገር ይሰጠናል።

ልጅቷ የተወለደችው ኅዳር 12 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው እንበል። 1991 ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበር ጳጉሜ 6 ቀን ነበራት፤ በዚህም ምክንያት መስከረም 1 ቀን 1992 እንደ ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ዋለ፤ ኅዳር 12ም ኖቬምበር 22 ሆነ። ገጿ ላይ የተመዘገበው ይህ ኖቬምበር 22 ነው። ነገር ግን ከአራት ዓመት በሦስቱ ኅዳር 12 የሚውለው ኖቬምበር 21 ነው። ለምሳሌ በ2018 ዓ.ም. እናቷ ገንፎ የሚያገነፉት ኖቬምበር 21 ሲሆን፣ ገጹ ጓደኞቿን የሚያስታውሳቸው በማግስቱ ነው። ስለዚህ በኅዳር 12 የጻፈላት ሰው ማሽን ሳይሆን እርሷ ራሷ የነገረችውን እንዳስታወሰ ያለ ምንም ቃል ተናገረ።

ይህ ግን አንድ ጥብቅ ሁኔታ አለው። ቀኑን የነገረችው እርሷ ራሷ መሆን አለባት። ከመዝገብ ቤት ወይም ከጓደኛ ጠይቆ ያገኘው ከሆነ፣ ያው ቃልና ያው ቀን ትኩረት መሆናቸው ቀርቶ ክትትል ይሆናሉ። ስለ ገንፎውም እንዲሁ ነው። በጥቆማ ውስጥ የምንጠቀምበት ነገር ሁሉ እርሷ በእጇ የሰጠችን መሆን ይገባዋል።

ሰዓቱም ይናገራል። ልክ እኩለ ሌሊት ላይ የተላከ መልእክት «ሳልተኛ ስጠብቅ ነበር» ይላል፤ ቃላቱ ቀላል ቢሆኑም ሰዓቱ ያከብዳቸዋል። ረፋድ ላይ የተላከ መልእክት ግን ከቃላቱ ጋር አንድ ልክ ይሆናል።

የሚበላሽበት ቦታ

ብዙ ጥሩ መልእክቶች የሚበላሹት ከተላኩ በኋላ ነው። ልጅቷ «አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ መለሰች እንበል። ልጁ ይጨነቃል። ከሁለት ሰዓት በኋላ «ስለ ቡናው ያልኩትን አየሽው?» ብሎ ይጽፋል። በዚህች አንዲት ጥያቄ የሠራውን ሁሉ አፈረሰ። ወርቁን ያለማየት መብቷን ነጠቃት፤ የጋራ ያልነበረውን ዕውቀት የጋራ አደረገው። «ማለቴ እኮ…» ብሎ ማብራራትም ያው ነው። የተብራራ ጥቆማ ዘግይቶ የተነገረ ግልጽ ንግግር ነው፤ የግልጽ ንግግር ድፍረት ግን የለውም።

ተቃራኒው ስሕተት መልሱን ከመጠን በላይ ማንበብ ነው። ከስሟ ቀጥሎ የመጣ የቀይ ልብ ምስል፣ ለሁሉ የምትልከው ከሆነ፣ የመተካት ፈተናውን አላለፈም። ከዚህ ተነሥቶ ተስፋ የሚቆልል ሰው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» እንደሚባለው ይሆናል። መልሷ ትርጉም የሚኖረው እርሷም ከወጉ በላይ ስትጨምር ነው። «ገንፎውን በልቼ ጨረስኩ፤ ወሬው ግን ረጅም ነው፤ ሁለት ቡና ይፈልጋል» ብትል፣ የእርሱን ትርፍ በራሷ ትርፍ መለሰች። ያኔ ቀን መቁረጥ ይቻላል፤ እንዲያውም ይገባል። በዚህ ጊዜ ጥቆማን ማራዘም ትሕትና አይደለም፤ ሸክሙን ሁሉ በእርሷ ላይ መተው ነው።

እዚህ ላይ የመጨረሻውንና ከባዱን ነጥብ አነሣለሁ። አሻሚነት ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። በእኩዮች መካከል ዋጋው ይከፋፈላል። መምህር ለተማሪው ወይም አለቃ ለሠራተኛው ይህንኑ አራተኛ ረቂቅ ቢልክ ግን፣ ሰዋስው አንድ ሆኖ ሳለ ድርጊቱ ሌላ ነው። ተማሪዋ ወርቁን ያለማየት መብት የላትም፤ ውጤቷ በእጁ ነውና ማየትም አለማየትም ያስፈራታል። እርሱ «እኔ እኮ መልካም ልደት ብቻ ነው ያልኩት» ብሎ ሊክድ ይችላል፤ እርሷ ግን ብትናገር የሚያምናት አታገኝም። መካድ ለአንድ ወገን ብቻ የሚቻል ከሆነ ሰምና ወርቅ ጨዋነት መሆኑ ይቀርና መሸሸጊያ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ተገቢው መልእክት የመጀመሪያው ረቂቅ ነው፤ «መልካም ልደት»፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አትጨመርም።



ከውይይቱ የተወሰደ

ጥያቄ (ከአንዲት ተማሪ)፦ መምህር፣ ምሳሌው ሁሉ ወንድ ለሴት ሲጽፍ ነው። ሴት ለወንድ ስትጽፍስ?

መልስ፦ ሰዋስው ያው ነው፤ «እንኳን ተወለድክ» እና «እንኳን ተወለድክልኝ» መካከል ያለው ርቀትም ያው ነው። የሚለየው አንባቢው ትርፉን የሚመዝንበት ሚዛን ነው። በእኛ ኅብረተሰብ ሴት መጀመሪያ ትናገራለች ተብሎ ስለማይጠበቅ፣ ከእርሷ የመጣች ትንሽ ትርፍ ብዙ ሆና ትነበባለች። ስለዚህ ከአራተኛው ረቂቅ ቡናው ቢቀርና ገንፎው ብቻ ቢቀመጥ ያው ጥቆማ ይተላለፋል። ይህ ፍትሐዊ ነው ማለቴ አይደለም፤ አንባቢው እንዴት እንደሚያነብ መናገሬ ነው።

ጥያቄ፦ በሥራ ቦታ «እርስዎ» እየተባባልን ከሆነ፣ በልደቷ ቀን «አንቺ» ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ጥቆማ አይሆንም። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መሻገር በራሱ ትልቅ ንግግር ነው፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ሁሉ የእርሱ ማብራሪያ ይሆናል። በተጨማሪም ብትመልስ በየትኛው እንደምትመልስ መምረጥ አለባት፤ ያ ምርጫ ደግሞ ያስገድዳታል። «እንኳን ተወለዱ» ብሎ በአክብሮቱ ጸንቶ፣ ትርፉን በታሪኩ ላይ ማኖር ይሻላል። «አንቺ በለኝ» የምትልበትን ቀን እርሷ ትምረጥ።